በፍቅር የታሮት አደራደር ውስጥ «መቼ?» እንዴት ይነበባል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ለፍቅር ጉዳይ ካርድ የሚያስነብብ ሰው «ይወደኛል ወይ?» ብሎ ይጀምራል፤ መልሱን ከሰማ በኋላ ግን ወዲያው «ታዲያ መቼ?» ይላል። መቼ ይደውላል፣ መቼ እንታረቃለን፣ መቼ ይወስናል። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች በአንድ አሠራር ላይ ያተኮሩ ናቸው። ይህም በአደራደሩ መጨረሻ ላይ ለጊዜ ብቻ ተብሎ የሚወጣው ካርድ ነው፤ እኔ «የጊዜ ካርድ» እለዋለሁ። ስለ ሥዕሎች ስናገር የምጠቅሰው በ1909 የታተመውንና ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ የሣለችውን የራይደር ዌይት ታሮት ነው፤ አራቱን ወገኖች ደግሞ በትር፣ ጽዋ፣ ሰይፍ እና ሳንቲም እላቸዋለሁ።

ጊዜ ከካርዱ የሚነበበው በምንድን ነው?

በሦስት ነገሮች ነው። ወገኑ መስፈሪያውን ይሰጣል፤ የምንቆጥረው ቀን ነው፣ ሳምንት ነው ወይስ ወር የሚለውን ማለት ነው። ቁጥሩ ስንት ጊዜ እንደሚቆጠር ይናገራል። ሦስተኛው በአደራደሩ ውስጥ ያሉት የሌሎቹ ካርዶች ፍጥነት ነው፤ ጉዳዩ የሚሮጥ ነው ወይስ ቆሞ የሚጠብቅ የሚለውን የምናየው ከእነሱ ነው። የጊዜ ካርዱ ብቻውን ቢነበብ ቁጥር እንጂ ጊዜ አይሰጥም። «አራት» ማለት ከጎኑ ማን እንዳለ ሳይታወቅ ብዙም አይጠቅምም።

የትኛው ወገን ቀን ነው? የትኛው ዓመት ነው? እያንዳንዱ አንባቢ የተለያየ ነገር ይነግረኛል።

ይለያያል፤ የተሳሳተ ሰው ስላለ ግን አይደለም። ወገኖቹ ከአራቱ ባሕርያት ጋር ይያያዛሉ፤ በትር ከእሳት፣ ጽዋ ከውኃ፣ ሰይፍ ከነፋስ፣ ሳንቲም ከመሬት ጋር። መሬት ከባድ ስለሆነ ሳንቲም ዘገምተኛው መሆኑን ብዙ አንባቢዎች ይቀበሉታል። ክርክሩ ያለው በላይኛው ጫፍ ላይ ነው። እሳት ይፈጥናል ወይስ ነፋስ? አንዱ በትርን ቀን፣ ሰይፍን ሳምንት ያደርጋል፤ ሌላው ደግሞ ይገለብጠዋል።

እኔ የምጠቀምበት ስፍር እንዲህ ነው፦ በትር ቀን፣ ሰይፍ ሳምንት፣ ጽዋ ወር፣ ሳንቲም ዓመት። ይህን የመረጥኩት በፍቅር ጉዳይ በትር ምኞትና ተነሳሽነት ስለሆነ፣ ሰይፍ ደግሞ ሰው ከመናገሩ በፊት የሚያስበው ሐሳብ ስለሆነ ነው፤ ሐሳብ ከምኞት ይዘገያል። እርስዎ ሌላ ስፍር ቢይዙ አይቀየምብዎትም። የሚያበላሸው ካርዱ ከወጣ በኋላ ስፍር መምረጥ ነው። ሰይፍ ዘጠኝ ወጥቶ «ዘጠኝ ሳምንት» ሲከብድዎት «እንዲያውም ሰይፍ ቀን ነው የሚሉ አሉ» ካሉ፣ የተነበበው ካርዱ ሳይሆን የእርስዎ ፍላጎት ነው። ስለዚህ ስፍሩ ካርዱ ከመበወዙ በፊት በወረቀት ላይ ይጻፋል። እኔ ሳልጽፍ አልበውዝም።

ስፍሩ ከጥያቄውም ጋር መመጣጠን አለበት። ነገ ቅዳሜ ለተያዘ ቀጠሮ «መልሱን መቼ አውቃለሁ?» ብለው ሲጠይቁ ሳንቲም ስድስት ወጥቶ ስድስት ዓመት ቢሆን ትርጉም የለውም። ለቅርብ ጉዳይ ሁሉንም አንድ ደረጃ ዝቅ ያድርጉት፦ በትር ሰዓት፣ ሰይፍ ቀን፣ ጽዋ ሳምንት፣ ሳንቲም ወር። አጭሩን ወይም ረጅሙን ስፍር መምረጡም ከመበወዝ በፊት ያልቃል።

የጊዜ ካርዱ ንግሥት ወይም «ጨረቃ» ሆኖ ቢወጣስ? ቁጥሩ ከየት ይመጣል?

ይህ ጀማሪዎችን ከሁሉም በላይ የሚያስቸግር ነው፤ ደግሞም በብዛት ያጋጥማል። ከ78ቱ ካርዶች 22ቱ ሜጀር አርካና የሚባሉት፣ እንደ «ጨረቃ» ያሉ ወገን የሌላቸው ካርዶች ናቸው፤ 16ቱ ደግሞ የቤተ መንግሥት ካርዶች፣ ማለትም አሽከር፣ ፈረሰኛ፣ ንግሥትና ንጉሥ ናቸው። ድምሩ 38 ነው። ስለዚህ ከሙሉው ካርድ አንድ ሲያወጡ ለግማሽ በተጠጋ ዕድል ወገንና ቁጥር አብረው የሌሉት ካርድ ይደርስዎታል።

አንዳንዶች ከሜጀር አርካናው ራስ ላይ ያለውን ቁጥር ይወስዳሉ፤ «ጨረቃ» 18 ስለሆነች 18 ይላሉ። ግን 18 ምን? ቀን ነው ወይስ ወር? መስፈሪያውን የሚሰጥ ወገን ስለሌላት አንባቢው ከራሱ ይጨምራል። ሌሎች ደግሞ ፈረሰኛን 12፣ ንጉሥን 14 አድርገው ይቆጥራሉ፤ ይህ ቢያንስ ወገን አለው፤ ነገር ግን የቤተ መንግሥት ካርድ በፍቅር ንባብ ውስጥ ሰው ሆኖ መታየት ይቀናዋል፤ ሰውየውን ወደ ቁጥር መቀየር ንባቡን ያደበዝዘዋል።

ለእኔ የሠራልኝ ቀላል መንገድ አለ። አደራደሩን በሙሉው ካርድ አወጣለሁ። ለጊዜ ግን ከአስ እስከ አሥር ያሉትን 40 ካርዶች ብቻ ከሌላ ተመሳሳይ ሙሉ የካርድ ስብስብ ለይቼ ለብቻቸው በውዤ አንድ አወጣለሁ። አስ አንድ ነው። ሁለተኛ ስብስብ ከሌለዎት ከቀሩት ካርዶች ከአስ እስከ አሥር ካሉት አንዱ እስኪመጣ ድረስ ከላይ ይገልብጡ፤ በመንገድ ላይ የወጡትን ሳያነቡ ወደ ጎን ያድርጓቸው።

አንድ ካርድ ፈጣን ወይም ዘገምተኛ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ሥዕሉን ይመልከቱ። ከሸመደዱት ዝርዝር ይልቅ ሥዕሉ ይታመናል። ከሁሉ የተሻለ ትምህርት ቤት አራቱ ፈረሰኞች ናቸው። ጎን ለጎን ደርድሯቸውና ፈረሶቹን ብቻ ይዩ። የሰይፉ ፈረስ አራት እግሩን ዘርግቶ በነፋስ ላይ ይጋልባል፤ ከኋላው ያሉት ዛፎች እንኳ ጎንበስ ብለዋል። የበትሩ ፈረስ የፊት እግሮቹን አንሥቷል፤ ሊፈነጠር ነው፣ ግን ገና አልሄደም። የጽዋው ፈረስ አንገቱን ሰብሮ በቀስታ ይራመዳል። የሳንቲሙ ፈረስ ደግሞ አራቱንም እግሮቹን መሬት ላይ ተክሎ ቆሟል፤ ጌታው በእጁ ያለውን ሳንቲም ያያል፤ ከፊቱ የታረሰ ማሳ ተዘርግቷል። ስለሚወዱት ሰው በተጠየቀ አደራደር ውስጥ ይህ ካርድ ሲወጣ ሰውየው አይወድዎትም ማለት አይደለም፤ ሳይመዝን አይነቃነቅም ማለት ነው።

ከፈረሰኞቹ ውጪ የፍጥነት ጫፍ በትር ስምንት ነው። ሰው በሥዕሉ ላይ የለም፤ ስምንት በትሮች ብቻ በአየር ላይ ወደ መሬት ሲወርዱ ይታያሉ። «ሠረገላው» እና «የዕድል መንኮራኩር» የሚባሉት ካርዶችም ወደዚያው ያዘነብላሉ። በሌላው ጫፍ ሳንቲም ሰባት አለ፤ ገበሬው መሣሪያው ላይ ተደግፎ ቁጥቋጦው ላይ ያፈራውን ያያል፤ ሥራው አልቋል፣ ግን ገና አልተለቀመም። የተሰቀለው ሰው በአንድ እግሩ ተንጠልጥሎ ፊቱ ረጋ ብሏል። ሰይፍ አራት በመቃብር ላይ እጁን ለጸሎት አገናኝቶ የተጋደመ የፈረሰኛ ምስል ነው። ባሕታዊውም መብራቱን ይዞ ቆሟል እንጂ አይራመድም።

«ግንቡ» የሚባለው ካርድ ግን ለየት ይላል። ብዙዎች ፈጣን ይሉታል፤ እውነት ነው፣ ድንገተኛ ነው። ድንገተኛ መሆን ግን ቅርብ መሆን አይደለም። መብረቁ ሲመታ በአንድ ቅጽበት ይመታል፤ መቼ እንደሚመታ ሥዕሉ አይናገርም። ስለዚህ ግንቡን ከፈጣኖቹም ከዘገምተኞቹም ጋር አልቆጥረውም።

ፍጥነቱ ቁጥሩን እንዴት ይለውጠዋል?

ቁጥሩን አይለውጥም፤ መስፈሪያውን ነው የሚያንቀሳቅሰው። ከጊዜ ካርዱ ውጪ ያሉትን ካርዶች አያለሁ። ሁለትና ከዚያ በላይ ዘገምተኛ ካርድ ካለ፣ ፈጣን ካርድ ደግሞ ከሌለ፣ መስፈሪያውን አንድ ደረጃ ከፍ አደርገዋለሁ፤ ቀን የነበረው ሳምንት፣ ሳምንት የነበረው ወር ይሆናል። በተቃራኒው ከሆነ አንድ ደረጃ ዝቅ ይላል። ተቀላቅለው ከወጡ እንዳለ ይቀራል። ማባዛትና ማካፈል ውስጥ የገባ ሰው አይቻለሁ፤ በመጨረሻ የፈለገው ቀን ላይ ነው የሚደርሰው።

ከዚያ በቁጥሩ ግራና ቀኝ አንድ አንድ መስፈሪያ እጨምራለሁ። አምስት ሳምንት ከወጣ የምናገረው «ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት» ብዬ ነው፤ ይህን የጊዜ ክልል «መስኮት» እለዋለሁ። አንድ ቀን ለይቶ መናገር ካርዱ የማይሸከመውን መጫን ነው።

በአንድ ንባብ ላይ ደረጃ በደረጃ ሊያሳዩን ይችላሉ?

ከወዳጇ ጋር ተጣልታ አራት ወር የቆየች ሴት «መቼ ያነጋግረኛል?» ብላ ጠየቀችኝ። ረጅሙን ስፍር መረጥን፤ በወረቀት ላይ ጻፍነው። ቀኑንም ጻፍን፤ ቆጠራው ከንባቡ ዕለት ይጀምራል። አራት ካርድ ከሙሉው፣ አምስተኛውን ከአርባዎቹ አወጣሁ።

እሷ በቆመችበት ቦታ የጽዋ ንግሥት ወጣች፤ በእጇ የያዘችውን ክዳን ያለው ጽዋ ዐይኗን ሳትነቅል የምታየው ንግሥት። እሱ በቆመበት የሳንቲም ፈረሰኛ ወጣ። በመካከላቸው ጽዋ ሁለት። የሚያዘገየው ምንድን ነው በሚለው ቦታ ሰይፍ አራት። የጊዜ ካርዱ በትር አራት ነበር።

እሷ አምስተኛውን ካርድ ስታይ ፊቷ በራ። በትር አራት ላይ በአራት ምሰሶ የተንጠለጠለ የአበባ ጉንጉን አለ፤ ከሥሩ እጃቸውን ያነሡ ሰዎች አሉ። «ሠርግ ነው አይደል? በአራት ቀን?» አለችኝ። ካርዱን በእጄ ሸፈንኩትና አራቱን ሌሎች እንድታይ አደረግኩ። የጽዋ ንግሥትን ከምንም አልቆጠርኳትም፤ ተቀምጣለች፣ ግን ቦታው የእሷ የራሷ ነው፣ እየጠበቀች ያለችውም እሷ ናት። ጽዋ ሁለትም መቀራረብን እንጂ ፍጥነትን አያሳይም። የቆመ ፈረስ እና የተጋደመ ፈረሰኛ ግን ሁለት ዘገምተኞች ናቸው፤ ፈጣን ካርድ አንድም የለም። ቀኑ ወደ ሳምንት ከፍ አለ፤ አራት ሳምንት፣ ከግራና ቀኝ አንድ አንድ ሳምንት ጨምረን ከ21ኛው እስከ 35ኛው ቀን።

ሰውየው መልእክት የላከው በ44ኛው ቀን ነው። አጭር ነበር፤ እሷ ዘንድ ያስቀመጠውን ዕቃ የሚጠይቅ። ከመስኮቱ ውጪ ስለወደቀ በማስታወሻዬ ላይ «አልገጠመም» ብዬ ጻፍኩት። አቅጣጫው ተመሳሳይ ነበር ብሎ መጽናናት ይቻላል፤ አራት ቀን ከማለት አራት ሳምንት ማለቱ ቀርቧል። እንዲህ እያሉ ግን ያልገጠመውን ሁሉ ገጠመ ማለት ይቻላል። ከዚህ በላይ ያሳሰበኝ እሷ ከ21ኛው ቀን ጀምሮ ስልኳን ከእጇ አለመለየቷ ነበር፤ እንቅልፍ አጥታ ነበር። ከዚያ ወዲህ «መቼ» ለሚል ሰው ንባቡን የምሰጠው መስኮቱ እስኪያልፍ ድረስ ምን እየሠራ እንደሚቆይ ከተነጋገርን በኋላ ነው።

የጊዜ ካርዱ ሰይፍ ሦስት ወጣብኝ። በሦስት ሳምንት ልቤ ይሰበራል ማለት ነው?

አይደለም። በሦስት ሰይፍ የተወጋው ልብ ያስደነግጣል፤ ግን ያ ካርድ የወጣው ሰዓት እንዲሆን ነው። ሰይፍ ሳምንት፣ ሦስት ደግሞ ሦስት፤ ሌላ ነገር እንዲናገር አልተጠየቀም። በላይኛው ምሳሌ የአበባ ጉንጉኑ ሠርግ ያልሆነበት ምክንያትም ይኸው ነው። ደስ የሚለውን ሥዕል አንብቦ የሚያስፈራውን መተው ወይም የሚያስፈራውን አንብቦ ደስ የሚለውን መተው አይቻልም፤ ሁለቱም ወይ ይነበባሉ ወይ አይነበቡም። እኔ አለማንበብን መርጫለሁ።

ተዘቅዝቆ የወጣ ካርድ ጊዜን ያዘገያል?

ብዙዎች መዘግየት ነው ይላሉ። እኔ ለጊዜ የምለያቸውን አርባ ካርዶች ሁሉ ቀጥ አድርጌ ስለምበውዝ አይገጥመኝም። በአደራደሩ ውስጥ ተዘቅዝቆ የወጣ ፈጣን ካርድ ካለ ከፈጣን አልቆጥረውም፤ ከዘገምተኛም አልቆጥረውም።

ወቅትን ወይም የቀን መቁጠሪያ ቀንን ከካርድ ማንበብ ይቻላል?

ይህ ሌላ ሥርዐት ነው፤ ከቆጠራው ጋር መቀላቀል የለበትም። በ1888 ለንደን ውስጥ የተመሠረተው «ወርቃማ ንጋት» የተባለው ማኅበር ከሁለት እስከ አሥር ያሉትን ካርዶች ከከዋክብት ክበብ ጋር አገናኝቷቸዋል። ሒሳቡ ያምራል፤ በአራት ወገን ዘጠኝ ዘጠኝ ካርድ 36 ይሆናል፤ አሥራ ሁለቱ ኮከቦች እያንዳንዳቸው ለሦስት ሲከፈሉም 36 ክፍል ይሆናሉ። እያንዳንዱ ካርድ ዐሥር ቀን ገደማ ይደርሰዋል። ጽዋ ሁለት በዚህ ሥርዐት የሸርጣን ኮከብ የመጀመሪያ ክፍል ነው፤ በግሪጎሪያን አቆጣጠር ከጁን 21 እስከ ጁላይ 1 አካባቢ ማለት ነው። በትር ስምንት ደግሞ ቀውስ የሚባለው ኮከብ የመጀመሪያ ክፍል ነው፤ በኖቬምበር መጨረሻ ላይ ይውላል።

ችግሩ ይህ ነው፦ በቆጠራ በትር ስምንት ስምንት ቀን ነው፤ በኮከብ ሥርዐት ደግሞ ንባቡ በዲሴምበር ወር ቢደረግ አንድ ዓመት ሊጠጋ ይችላል። አንድ ካርድ ሁለቱንም ሊሆን አይችልም። የትኛውን ሥርዐት እንደሚይዙም ከመበወዝ በፊት ይጻፉ።

አስ እስኪወጣ መቁጠር የሚባለውስ?

ሙሉውን ካርድ በውዘው አንድ በአንድ ይገለብጣሉ፤ ከአሥራ ሦስት ካርድ አያልፉም። አስ ሲወጣ ያቆማሉ። የአሱ ወገን ወቅቱን፣ እስኪወጣ ድረስ የተገለበጠው ካርድ ብዛት ደግሞ የወቅቱን ሳምንት ይሰጣል። አንድ ወቅት 13 ሳምንት፣ አራቱ ወቅቶች 52 ሳምንት ስለሆኑ ነው ቁጥሩ 13 ላይ የቆመው። በአሥራ ሦስቱ ውስጥ አስ ካልወጣ «ጊዜው አልተሰጠም» ይባላል። የዚህን ዘዴ ወሰን ማወቅ ይገባል፤ በ13 ካርድ ውስጥ ቢያንስ አንድ አስ የመገኘቱ ዕድል 53 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ ከሁለት ጥያቄ ወደ አንዱ የሚጠጋው መልስ አያገኝም። እኔ ይህን እንደ ጉድለት አላየውም፤ «አልታወቀም» ለማለት ቦታ ያለው ዘዴ እወዳለሁ።

መልሱ ሩቅ ሲሆንብኝ እንደገና ባወጣስ?

አያድርጉት፤ ምክንያቱ የሒሳብ ነው። ከአርባዎቹ ካርዶች አሥሩ በትር ናቸው፤ አንድ ጊዜ ሲያወጡ ቀን የመውጣቱ ዕድል 25 በመቶ ነው። እየመለሱ እየበወዙ ሦስት ጊዜ ቢያወጡ ግን ቢያንስ አንዴ በትር የማግኘት ዕድልዎ 58 በመቶ ገደማ ይሆናል። ሦስተኛው ላይ «ቀናት» ሲወጣ ካርዱ ሐሳቡን የለወጠ ይመስላል፤ የተለወጠው የሙከራው ብዛት ነው። ለአንድ ጥያቄ አንድ የጊዜ ካርድ ይበቃል፤ መስኮቱ እስኪያልፍ ድረስም ያው ጥያቄ አይደገም።

ጊዜ የማይጠየቅባቸው የፍቅር ጥያቄዎች አሉ?

አሉ። ክስተት የሌለው ጥያቄ አይቆጠርም። «መቼ ያፈቅረኛል?» ሲባል ደረሰ የምንለው በየትኛው ቀን ነው? ማንም ሊለየው አይችልም፤ ስለዚህ ንባቡ ሲገጥምም ሳይገጥምም አይታወቅም። «መቼ መልእክት ይልክልኛል?» ግን ቀን አለው። ደግሞም በእርስዎ እጅ ያለውን ነገር ለካርድ አይስጡት። «መቼ ልንገረው?» ለሚል ሰው የጊዜ ካርድ አላወጣም።

መስኮቱ አለፈ፤ ምንም አልሆነም። አሁን ምን ላድርግ?

ማስታወሻዎን ያውጡ። የንባቡን ቀን፣ ጥያቄውን፣ ስፍሩን፣ የጊዜ ካርዱን፣ የፍጥነቱን ማስተካከያና መስኮቱን ጽፈው ነበር፤ አሁን ከጎኑ «አልገጠመም» ብለው ይጻፉ። መስኮቱን አያስፉት። ሃያ ያህል ንባብ ሲሞላ ስንቱ እንደገጠመ፣ ያልገጠሙትም ከመስኮቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ የወደቁት የሚለውን ይቁጠሩ። ካርድ ጊዜን እንደሚያውቅ በፈተና የተረጋገጠ ነገር የለም፤ የራስዎን ስፍር የሚመዝኑበት ሚዛን ይህ ገጽ ብቻ ነው። ሁልጊዜ ቀደም ብለው የሚያነቡ ከሆነ ምናልባት ዘገምተኛ ካርዶችን እያዩ እያለፏቸው ነው፤ አራቱን ፈረሰኞች እንደገና ጎን ለጎን ደርድረው ይጀምሩ።